ከሰባት ቤት ወዲያ ማን አለ?

ሰው ዘሩን ሲቆጥር አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ስሞቹ ይጠፋሉ፤ ሐረጉ ግን አይቆምም። ሰባተኛውም አባት ነበረው፣ ያም አባት ነበረው። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ውስጥ ያለው ፈላስፋም እግዚአብሔር መኖሩን ሲመረምር የሚነሳው ከዚሁ ነው። እኔን የወለዱኝ ወላጆቼ ናቸው፤ እነሱንም ሌሎች ወለዷቸው፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄድና ማንም ያልፈጠረው ፈጣሪ ከሌለ ይህ ሁሉ ፍጥረት ባልተገኘ ነበር ከሚል መደምደሚያ ይደርሳል። መጽሐፉ በ17ኛው መቶ ዘመን በአክሱም አካባቢ በተወለደ ሊቅ እንደተጻፈ ራሱ ይናገራል። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው የብራናውን ቅጂ ወደ አውሮፓ የላከው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ ሙግቱ በፍልስፍና ውስጥ ኮስሞሎጂካዊ ሙግት የሚባለው የቆየ መንገድ ነው፤ ከዓለም መኖር ተነስቶ ወደ ዓለም ምክንያት መሄድ።

በሃይማኖት ፍልስፍና ፈተና ላይ ስለዚህ ሙግት ሲጠየቅ በብዛት የሚታየው ስህተት ገና ከጅምሩ ይፈጠራል። ሙግቱ «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ዓለም ምክንያት አላት፤ እሱም እግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይጻፋል። ወዲያው ደግሞ «እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ይባልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እንዲህ ከተጻፈ እውነትም ያልቃል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መደምደሚያውን ራሱ ያፈርሰዋልና። ነገር ግን ከታወቁት የሙግቱ ጠበቆች ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ያለ የለም። አልጋዛሊ ያለው መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ነው። ቶማስ አኩዊናስ ያለው ሌላ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሌላ የሚያኖረው ነገር በራሱ አይቆምም ነው። ላይብኒዝ ደግሞ ባይኖርም ይችል የነበረ ነገር ለምን እንደኖረ ምክንያት ይሻል አለ። ሦስቱም ምክንያት የሚጠይቁት ከአንድ ዓይነት ነገር እንጂ ከነገር ሁሉ አይደለም። ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ የተሰመረው መስመር ትክክል ነው ወይ የሚለው ነው።

አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በሱማ ቴኦሎጂካ አምስት መንገዶችን ሲያቀርብ፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በአእምሮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ብሎ ያምን ነበር። ለዓለም መጀመሪያ እንዳላት የሚታወቀው በእምነት ነው ይላል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። ዓለም ከዘላለም ጀምራ የነበረች ልትሆን ከቻለች፣ የመጀመሪያ ምክንያት ከየት ይመጣል? መልሱ ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶችን በመለየት ላይ ነው።

አንደኛው የዘር ሐረግ ነው። አያት ቢሞትም የልጅ ልጁ ልጅ ከመውለድ አይታገድም። መውለድ የሚያስችለውን ኃይል አንዴ ከተቀበለ የራሱ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ወደ ኋላ ማለቂያ ቢያጣ ለአኩዊናስ ችግር የለውም። ሁለተኛውን ዓይነት ለማየት የኤሌክትሪክ ምጣድ እናስብ። ምጣዱ የሚግለው ከሶኬቱ በሚመጣ ኃይል ነው፤ ሶኬቱ ከቆጣሪው፣ ቆጣሪው ከምሰሶው፣ ምሰሶው ከትራንስፎርመሩ ይቀበላል። ከእነዚህ አንዳቸውም የራሳቸው ኃይል የላቸውም፤ የሚሰጡት የተቀበሉትን ነው። መብራት ከጠፋ ሊጡ በእጅ ይቀራል። እዚህ ላይ ሽቦ በሽቦ እየቀጠልን ማለቂያ ብናሳጣው እንኳ የሽቦው ርዝመት ኃይል አያመነጭም። ከሌላ ሳይቀበል የሚሰጥ አንድ ነገር የግድ ያስፈልጋል። አኩዊናስ «የመጀመሪያ» ሲል በዘመን የቀደመውን ማለቱ አይደለም። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሌላው ሁሉ የተደገፈበትን ማለቱ ነው።

ለዚህ የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ ነገሮች በእርግጥ እንደ ምጣዱ ናቸው ወይ የሚል ነው። በጥንቱ ፊዚክስ ተወርውሮ የሚሄድ ድንጋይ እንኳ ያለማቋረጥ የሚገፋው ይፈልግ ነበር። ከኒውተን ወዲህ ግን የሚያቆመው ኃይል እስካላገኘው ድረስ በራሱ እንደሚቀጥል እናውቃለን። መኖርም እንዲሁ ቢሆንስ? አንዴ የኖረ ነገር የሚያጠፋው እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ቢኖርስ? እንዲያ ከሆነ ዓለም የምትመስለው የዘር ሐረጉን ነው፤ የአኩዊናስም መንገድ መሠረቱ ይናጋል። ይህን ለመመለስ ጠበቃው የነገር ተፈጥሮ ብቻውን ለመኖሩ ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት አለበት፤ ምሳሌው ብቻውን ያንን አያስረዳለትም።

ላይብኒዝ የሄደበት መንገድ ይህን ችግር ያልፈዋል፤ የሚጠይቀው ስለ ደጋፊ ኃይል ሳይሆን ስለ በቂ ምክንያት ነውና። በ1697 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ከዘላለም ጀምሮ አንዱ ከሌላው እየተገለበጠ የመጣ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ እንድናስብ ይጋብዛል። የእኛ አገር ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አንድ ጸሐፊ ብራናውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ መቃውን ቀለም ውስጥ እየነከረ አንድ ዳዊት ይገለብጣል። ይህ ቅጂ ለምን እነዚህን ቃላት ያዘ? ፊት ለፊቱ ያለው ቅጂ እነዚህን ስለያዘ። ያኛውስ? ከእሱ በፊት የነበረው ስለያዘ። ሰንሰለቱ ማለቂያ ባይኖረው፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ መልስ አለን። ግን ይህ መጽሐፍ እስከነጭራሹ ለምን ኖረ፣ ለምንስ ሌላ ሳይሆን ይህን ያዘ ለሚለው የትኛውም ቅጂ መልስ አይሰጥም። ዓለምም ለላይብኒዝ እንዲህ ናት። የዛሬው ሁኔታዋ ከትናንቱ ተገልብጧል፤ የሁሉም ምክንያት ግን ከሰንሰለቱ ውጭ፣ አለመኖር በማይችል አንድ ህላዌ ዘንድ መፈለግ አለበት።

ዴቪድ ሂዩም ከሞተ በኋላ በ1779 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ ተፈጥሯዊ ሃይማኖት በሚወያየው መጽሐፉ ይህን በቀጥታ ይመታዋል። የሃያ ቅንጣቶችን ምክንያት አንድ በአንድ ካስረዳሁህ፣ ቀጥለህ የሃያዎቹን በአንድነት ምክንያት ብትጠይቀኝ ከንቱ ጥያቄ ነው ይላል። አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቡና ሲጠጡ አገኘን እንበል። አንደኛዋ ከሥራ ወጥታ ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ አስጠልሎት፤ ሦስተኛዋ ጓደኛዋን ስትጠብቅ፤ የቀሩት ሁለቱም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አምስቱን ካስረዳን በኋላ «ጉባኤውስ ለምን ተሰበሰበ?» የሚል ሰው ምንም የቀረ ነገር የለውም።

ተቃውሞው አሳማኝ የሚሆንበትን ምክንያት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዝናቡ፣ ሥራው፣ ቀጠሮው ሁሉ ከጠረጴዛው ውጭ ናቸው። ስለዚህ የእያንዳንዱ መልስ ተደምሮ የሁሉ መልስ ሆነ። አምስቱም የመጡት አንዳቸው በሌላቸው ተጠርተው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ለምን መጣህ ስንል እሷ ጠርታኝ፣ እሷን ስንጠይቅ እሱ ጠርቶኝ እየተባለ ክብ እንዞር ነበር። ማለቂያ የሌለው የቅጂዎች ሰንሰለት ክብ አይሠራም፤ የሚመስለው ግን ይህንን ነው፤ መልሱ ሁሉ ከውስጥ ነው። የሂዩም ምሳሌ ለቡና ጠጪዎቹ ይሠራል፤ ለዳዊቱ መሥራቱን ግን አላሳየም። በፈተና ላይ ይህን ልዩነት የሚያወጣ ጸሐፊ የሁለቱንም ወገን ነገር ገብቶታል።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። በ1948 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ የካቶሊክ ካህኑ ፍሬድሪክ ኮፕልስተንና በርትራንድ ራስል ተከራከሩ። ራስል ሁለት ነገር አነሳ። እያንዳንዱ ሰው እናት ስላለው የሰው ዘር በሙሉ እናት አለው አይባልም፤ የክፍሎቹ ባሕርይ የሙሉው ባሕርይ ላይሆን ይችላል። ኮፕልስተን ለዚህ መልስ ነበረው፤ የሚናገረው ስለ ዓለም እናት ሳይሆን፣ ሁሉም ባይኖር ይችል የነበረ ነገር ተሰብስቦ ሊቀር የማይችል ነገር ስለማይሆን ነው። ሁለተኛው ግን ወሳኝ ነው፤ ዓለም አለች፣ ከዚያ በላይ ምክንያት አልጠይቅም አለ ራስል። ያኔ በዚህ ሙግት ላይ የነበረው ክርክር ቆመ። ላይብኒዝ በሁሉም ነገር ላይ ያነሳውን የበቂ ምክንያት መርህ ያልተቀበለን ሰው በዚያው መርህ ማስገደድ አይቻልም።

መርሁን እንቀበል ብንል ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ፒተር ቫን ኢንዋገን እንዳሳየው፣ ለሁሉም እውነት በቂ ምክንያት ካለ፣ በቂነቱም ውጤቱን የግድ የሚያስከትል ከሆነ፣ ከማይቀረው ህላዌ የሚወጣው ሁሉ የማይቀር ይሆናል። ጸሐፊው መቃውን መንከሩ፣ ዝናቡ በዚያ ሰዓት መዝነቡ ሁሉ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሙግቱ የተነሳበት «ባይኖርም ይችል ነበር» የሚለው ሐሳብ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ሙግቱን የሚከላከሉ ፈላስፎች መርሁን ያለዝቡታል። ምክንያት ነገሩን እንድንረዳው ያደርጋል፣ የግድ ግን አያስከትለውም ይላሉ፤ ለዚህም የነጻ ፈቃድን ውሳኔ ምሳሌ ያደርጋሉ።

የመጨረሻው ክፍተት ከማይቀር ህላዌ ወደ እግዚአብሔር የሚያሻግረው ድልድይ ነው። ሂዩም፣ የማይቀረው ነገር ራሱ ቁስ ቢሆንስ ብሎ ጠይቋል። ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. ሙግቱ በዚህ ደረጃ ላይ ከልምድ ለቅቆ በጽንሰ ሐሳብ ብቻ ወደ ፍጹሙ ህላዌ እንደሚዘል ተቃወመ። አኩዊናስ ይህን ያውቅ ነበር። አምስቱን መንገዶች ከጨረሰ በኋላ ያ የመጀመሪያ ምክንያት አንድና ፍጹም መሆኑን ለማሳየት ገና ብዙ ጥያቄዎችን ይሄዳል። የሙግቱ መደምደሚያ ብቻውን የሚያደርሰው ምክንያት የማይሻ አንድ ነገር ዘንድ ነው፤ የሚሰማና የሚወድ አምላክ ዘንድ ለመድረስ ሌላ ሙግት ያስፈልጋል።

ሰባት ቤት ቆጥሮ የቆመው ሰው ጥያቄም በዚህ ይጠራል። ስምንተኛውን ስም ብናገኝለት፣ ሺሁንም ብንጨምርለት ያው ሰንሰለት ረዘመ እንጂ ሌላ ነገር አላገኘም። ምርጫው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሐረጉ በሙሉ ለምን ኖረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ተገቢ ነው ካልን የላይብኒዝን መርህ ከነዋጋው ተሸክመናል። አይደለም ካልን ደግሞ፣ ስለ እያንዳንዱ ቅጂ ለምን እያልን ስንጠይቅ ቆይተን ስለ መጽሐፉ ስንደርስ ለምን እንደምናቆም የማስረዳት ዕዳ የእኛ ነው።