ደሞዝና ወለድ አንድ ዓይነት ግብር ለምን አይከፍሉም? የሥራ ገቢና የገንዘብ ገቢ ነገር

እዚህ ውጫሌ ከተማ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ እንበል። አንዷ መምህርት ናት። ሁለተኛው መንገድ ዳር ያለ ቤቱን ያከራያል። ሦስተኛው ባንክ ካስቀመጠው ብር ወለድ ያገኛል። አራተኛዋ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን አላት። ሁሉም በወር 10,000 ብር ይገባቸዋል። ታዲያ መንግሥት ከእያንዳንዳቸው ስንት ይወስዳል? እኩል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኩል ግን አይደለም።

ስሌቱን የሠራነው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተመኖች ነው። አዋጁ ገቢን እንደ ምንጩ በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፦ ሠንጠረዥ «ሀ» ለተቀጣሪ፣ «ለ» ለኪራይ፣ «ሐ» ለንግድ፣ «መ» ደግሞ ለሌሎች ገቢዎች፣ ማለትም ለወለድ፣ ለአክሲዮን ትርፍ ድርሻና ለመሳሰሉት።

መምህርቷ 10,000 ብሯ 30 በመቶ እርከን ውስጥ ይገባል። ከ3,000 ብር ላይ 955 ተቀንሶ 2,045 ብር ትከፍላለች። ለትራንስፖርት አወጣሁ፣ ለልብስ አወጣሁ ብላ የምታስቀንሰው ነገር የለም፤ ግብሩም ደሞዙ እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። አከራዩ የሒሳብ መዝገብ ከሌለው የኪራዩ ግማሽ እንደ ወጪ ይታሰብለታል። ስለዚህ ግብሩ የሚሰላው በ5,000 ብር ላይ ነው፣ 697 ብር ከ50 ይመጣል። የባንክ ወለድ ተቀባዩ 5 በመቶ፣ ማለትም 500 ብር ብቻ ይከፍላል። ባለ አክሲዮኗ ደግሞ 10 በመቶ፣ 1,000 ብር።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የደሞዝተኛውን ሸክም ቀለል አድርጓል። ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ የመምህርቷም ግብር ወደ 1,650 ብር ወርዷል። የሠንጠረዦቹ ክፍፍል ግን እንዳለ ነው።

እንዲህ ሲታይ «ላቡን ያፈሰሰ ይቀጣል፣ ገንዘቡን ያስተኛ ይሸለማል» ማለት ቀላል ነው። ቅሬታው እውነት አለው። ግን ሁለቱን ገቢዎች ለይቶ መቅረጥ ራሱ ምክንያት አለው፤ እሱን ሳናይ መፍረድ አይቻልም።

የመጀመሪያው ምክንያት የዋጋ ንረት ነው። አንድ ሰው 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ አስቀመጠ እንበል። በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ያገኛል፣ 350 ብር ግብር ይከፍላል፣ እጁ ላይ 106,650 ብር ይቀራል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ20 በመቶ ከጨመረ፣ አምና በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ዛሬ 120,000 ሆኗል። ሰውየው «አተረፈ» ተብሎ ግብር የከፈለው 13,350 ብር ከስሮ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ እናስታውስ። ወለዱ ከደሞዝ ጋር ተደምሮ በ30 በመቶ ይቀረጥ ቢባል ኖሮ ግብሩ 350 ሳይሆን 2,100 ብር ይሆን ነበር፤ ያውም ከኪሳራ ላይ። ደሞዝ ግን የወሩ ነው፣ ዛሬ ተቀብለህ ዛሬ ትገዛበታለህ።

ሁለተኛው፣ የተቆጠበ ብር አንዴ ተቀርጧል። ሁለት መምህራን እኩል ደሞዝ አላቸው፣ እኩል ግብርም ከፍለዋል። አንዱ የተረፈውን ወዲያው አጠፋው፣ ሌላው ባንክ አስገባው። ያጠፋው ሁለተኛ የገቢ ግብር የለበትም፣ የቆጠበው ግን በወለዱ ላይ እንደገና ይጠየቃል። ተመኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቀጣው መቆጠቡ ነው።

ሦስተኛው፣ ገንዘብ እግር አለው። መምህርቷ ግብር ከበዛባት ደሞዟን ይዛ የትም አትሄድም። በባንክ ያለ ብር ግን ነገ ከብት ይሆናል፣ ወርቅ ይሆናል፣ ቦታ ይሆናል፤ እዚያ ከገባ በኋላ ግብር ሰብሳቢው አያየውም።

እነዚህን ሐሳቦች ወደ አንድ ሥርዓት ያመጧቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ስዊድን በ1991፣ ኖርዌይ በ1992፣ ፊንላንድ በ1993 እ.ኤ.አ.። ጥምር የገቢ ግብር ይሉታል። ደሞዝ እየጨመረ በሚሄድ እርከን ይቀረጣል። የካፒታል ገቢ ሁሉ፣ ወለድም ኪራይም የአክሲዮን ትርፍም፣ በአንድ ዝቅ ያለ ተመን ይቀረጣል። ስዊድን 30፣ ኖርዌይ 28 በመቶ ብለው ጀመሩ።

የእኛስ ከዚህ ጋር አንድ ነው? አይደለም። የእኛም ደሞዝን ከካፒታል ይለያል፣ ካፒታሉን ራሱን ግን ይበታትነዋል። በ2008ቱ አዋጅ ወለድ 5፣ የአክሲዮን ድርሻ 10፣ ሕንፃ ሲሸጥ ከሚገኝ ጥቅም 15፣ አክሲዮን ሲሸጥ ከሚገኝ ጥቅም 30 በመቶ ነው፤ ኪራይ ደግሞ እንደ ደሞዝ በእርከን ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ የሚጠይቀው «የቱ ሥራ ያዋጣል?» ብቻ ሳይሆን «የቱ ግብሩ ይቀላል?» ይሆናል። የጥምር ሥርዓት ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ ካፒታልን ዝቅ አድርገህ ቅረጥ፣ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። የባለ አክሲዮኗ 10 በመቶ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ኩባንያው ግን ቀድሞ ከፍሏል። ኩባንያው ካተረፈው 10,000 ብር 30 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ይሄዳል። ከቀረው 7,000 ላይ ደግሞ 700 ይቆረጣል። ጠቅላላው 3,700 ብር፣ 37 በመቶ ነው። ይህ ከደሞዝ ከፍተኛ እርከን ከ35 በመቶ ይበልጣል። ወለዱ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቀዳሚ ግብር የለም፤ ባንኩ ወለዱን እንደ ወጪ ያስቀንሰዋል።

ሥርዓቱ የሚቸገረው የት ነው? ሥራና ካፒታል አንድ ሰው ላይ ሲቀላቀሉ። ባለሱቁን እንውሰድ። ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ቆሞ ይሸጣል፣ ሸቀጡም የራሱ ነው። ትርፉ የጉልበቱ ነው ወይስ የሸቀጡ? ኖርዌይ ቀመር አወጣች። በእኛ ብር እንየው፦ ሱቁ ውስጥ የ1,000,000 ብር ንብረት አለ፣ መደበኛ ትርፉ 10 በመቶ ቢባል 100,000 ብር የካፒታል ገቢ ነው። የዓመቱ ትርፍ 250,000 ከሆነ ቀሪው 150,000 የጉልበት ዋጋ ተብሎ እንደ ደሞዝ ይቀረጣል።

ጥሩ ይመስላል፤ ሰዉ ግን ማምለጫ አገኘለት። በኩባንያ ላይ ሕጉ የሚሠራው በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩት ባለቤቶች ከሁለት ሦስተኛው ያላነሰ ድርሻ ሲይዙ ነበር። ብዙዎች ታዲያ ከአንድ ሦስተኛ ትንሽ የሚበልጥ ድርሻ ለማይሠራ ሰው እያስተላለፉ ከቀመሩ ወጡ። ኖርዌይ በ2006 ይህን ትታ፣ ከመደበኛው በላይ የሆነውን የአክሲዮን ትርፍ በባለ አክሲዮኑ እጅ ላይ ተጨማሪ ግብር ወደመጣል ዞረች።

ለእኛ አገር ትምህርቱ ሁለት ነው። ቀመሩ የሚሠራው የሱቁን ንብረት ዋጋ የሚያሳይ የሒሳብ መዝገብ ካለ ብቻ ነው፤ መዝገብ ከሌለ ክፍፍሉ ግምት ይሆናል፣ ግምት ደግሞ ጭቅጭቅ ነው። ሌላው፣ ለካፒታል አንድ ተመን ሲወጣ ከደሞዝ ከፍተኛ እርከን ጋር ያለው ክፍተት ከሰፋ፣ ደሞዙን «ትርፍ» ብሎ ስሙን የሚቀይር ይበዛል። መምህርቷ ግን ስም መቀየር አትችልም። ስለዚህ ተመኑ ሲወሰን ቀድሞ መታየት ያለበት የእሷ ደሞዝ ነው።