ለአርታኢው የሚላከው አጭር ማስታወሻ

አንድ የጤና ተመራማሪ ጽሑፉ «ምንጮቹ በቫንኩቨር ስልት ይስተካከሉ» ተብሎ ተመለሰለት እንበል። መጀመሪያ የጻፈው በኤፒኤ ነበር፤ በጽሑፉ ውስጥ የደራሲ ስምና ዓመት፣ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር። በቫንኩቨር ግን ምንጭ ቁጥር የሚያገኘው መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። አንድ አንቀጽ ቦታ ከቀየረ ቁጥሮቹ ይዛባሉ።

ስለዚህ ለአርታኢው «አስተካክያለሁ» ብሎ መላክ ብቻ አይበቃም። እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «42ቱም ምንጮች ወደ ቫንኩቨር ስልት ተለውጠዋል። የተጨመረም የተቀነሰም የለም። በሰንጠረዥ 2 ያሉት ቁጥሮችም አብረው ተስተካክለዋል።» አርታኢው በተለይ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይፈልገዋል፤ ምንጭ ከተጨመረ ወይም ከወጣ ጽሑፉ ገምጋሚዎቹ ያዩት አይደለምና።

የእኛ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስድ አበበ ከበደ «ከበደ አ» ይሆናል። በሌላ ምንጭ «አበበ ከ» ተብሎ ከገባ አንዱ ሰው ሁለት ይመስላል። እንዲህ ያለውን ስም፣ ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት ራሱ እንዴት እንዲጠቀስ እንዳሰፈረ እያዩ በእጅ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ መመሳከሩንም በማስታወሻው ላይ በአንድ መስመር መግለጽ ተገቢ ነው እላለሁ።