የቆሻሻ ክፍያ፦ በካሬ ሜትር ወይስ በከረጢት?

በየሁለት ወሩ የሚመጣልዎት የዓርኖና ወረቀት የቆሻሻ መኪናውንም ወጪ ይሸፍናል። ሐይፋ ላይ የቤትዎ ቆሻሻ የሚነሳው ዒሪያው ከሚሰበስበው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ዓርኖና ደግሞ በዋናነት የሚሰላው በቤቱ ስፋት ነው እንጂ ከቤቱ በሚወጣው ቆሻሻ አይደለም።

በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦችን እናስብ። ሁለቱም ቤቶች 75 ካሬ ሜትር ናቸው። በአንደኛው ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ፣ በወር 10 ከረጢት ይጥላሉ። በሌላኛው ሰባት ነፍስ አለ፣ ሕፃንም አለ፣ በቀን ሁለት ከረጢት ማለትም በወር 60 ይወጣል። ቅናሽ (ሀናሓ) ከሌላቸው ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ።

«ታዲያ እያንዳንዱ በጣለው ልክ ይክፈል» የሚል አለ። ደቡብ ኮሪያ ከ1995 ጀምሮ እንዲህ ታደርጋለች፤ ሕዝቡ የከተማው ምልክት ያለበትን ከረጢት ገዝቶ በእሱ ብቻ ይጥላል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ከረጢት 2 ሸቀል ቢሆን እማማ 20 ሸቀል፣ ጎረቤታቸው 120 ሸቀል ይከፍላሉ። ለእማማ ደግ ነው፤ ልጅ ለበዛበት ቤት ግን ከባድ ነው። የሕፃን ዳይፐር እንዳይጣል ማድረግ አይቻልማ! ከጥሬው አብስሎ የሚበላ ቤትም ልጣጩ ብዙ ነው።

መፍትሔው በነፍስ ወከፍ ነፃ ከረጢት መስጠት ይመስለኛል። ለአንድ ሰው በወር 8 ቢሰጥ፣ ሰባቱ 56 ያገኛሉ፤ የሚከፍሉት ለ4ቱ ብቻ፣ 8 ሸቀል ነው። እማማም ለ2 ከረጢት 4 ሸቀል ይከፍላሉ። ኮሪያም ውስጥ ብዙ ከተሞች ለድሆች ነፃ ከረጢት ያድላሉ።

አዲስ አበባ ሌላ መንገድ ይዛ ቆይታለች፤ ለብዙ ዓመታት የቆሻሻው ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር፣ ለመኖሪያ ቤት 20 በመቶ ሆኖ ይሰበሰብ ነበር። ሰው ሲበዛ ውሃው ይበዛል፣ ስለዚህ እዚያም ብዙ ልጅ ያለው ብዙ ይከፍል ነበር።

በእኛ ሰፈር የከረጢቱ መንገድ ሌላም እንቅፋት አለበት። የሕንፃው ሰው ሁሉ በአንድ ፓሕ ነው የሚጥለው፤ ያለ ምልክት የተጣለው ከረጢት የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ላለመክፈል ብሎ ወደ ሸለቆው ወይም ወደ ጎረቤት ሕንፃ የሚወስድም አይጠፋም። ይህ መጀመሩ የሚታወቀው የከረጢቱ ሽያጭ እየቀነሰ በየጥጉ ክምር ሲበዛ ነው።

እስከዚያው ድሃውን የሚረዳው የዓርኖና ቅናሽ ነው። የገቢው መለኪያ በቤት የሚኖረውን ሰው ብዛት ይቆጥራል፤ ስለዚህ ልጆችዎን ሁሉ በቅጹ ላይ ያስመዝግቡ። ከብጡዋሕ ልኡሚ የጡረታና የገቢ ማሟያ የሚያገኙ አረጋዊ እስከ 100 ካሬ ሜትር ሙሉ ቅናሽ ሊያገኙ ይችላሉ። ከባድ የሕክምና ወጪ ያለበት ደግሞ ለዒሪያው የቅናሽ ኮሚቴ ያመለክታል። በገቢ የሚሰጠው ቅናሽ በየዓመቱ አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል። አምና አገኘሁ ብለው ዘንድሮ ዝም ካሉ ሙሉው ሂሳብ ይመጣል።