የቤት ዕቃ መዝገብና የኢንሹራንስ ካሣ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አጥፍቷል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ነጋዴው የሱቁን ንብረት በሒሳብ መዝገቡ ያስረዳል፤ የመኖሪያ ቤቱ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ የለውም። ቤቱ ኢንሹራንስ ቢገባም እንኳ፣ ዕቃው በእርግጥ ስለ መኖሩ፣ የባለቤቱ ስለ መሆኑና ስለ ዋጋው ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ በመዝገቡ አንድ መስመር ይሰጠዋል። በመስመሩም ተራ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የዛሬ ግምቱ፣ ደረሰኙና የፎቶግራፉ ሊንክ ይጻፋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግምቱ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678፣ ካሣው ዕቃው አደጋ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ለምሳሌ በ20,000 ብር የተገዛ ቴሌቪዥን፣ አምሳያው ዛሬ በ60,000 ብር ቢሸጥና ግማሽ ዕድሜው ቢያልፍ፣ ግምቱ 30,000 ብር ይሆናል። በድሮው ዋጋ የጻፈ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ በአዲሱ ዋጋ የጻፈም ይቀነስበታል።

የግምቶቹ ድምር ደግሞ በውሉ ላይ ካለው የገንዘብ መጠን ጋር መመዛዘን አለበት። የ600,000 ብር ዕቃ ያለው ሰው በ400,000 ብር ብቻ ኢንሹራንስ ገብቶ፣ የ150,000 ብር ዕቃ ቢቃጠልበት፣ ብዙ ውሎች የሚከፍሉት በዚያው ልክ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 100,000 ብር ነው። የቀረውን 50,000 ብር ራሱ ይሸከማል።

ስለ ደረሰኝ የሚታወቅ አንድ ችግር አለ፤ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ወረቀት ጽሕፈቱ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ስለዚህ በተገዛበት ዕለት ፎቶግራፍ ይነሣ። ደረሰኝ ለሌለው ስጦታ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ለጌጥም የወርቅ ሠሪው የሚዛን ወረቀት ይረዳል። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ በውሉ ተለይተው ካልተጻፉ ስለማይካሱ ወይም ገደብ ስላላቸው፣ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ፎቶግራፎች ይበቃሉ፤ አንዱ ዕቃው በቤቱ ውስጥ እንዳለ፣ ሁለተኛው የፋብሪካው መለያ ቁጥር፣ ሦስተኛው ደረሰኙ። በተራ ቁጥር 7 የተጻፈው ፍሪጅ ከሆነ፣ ስማቸው `07-1.jpg`፣ `07-2.jpg`፣ `07-3.jpg` ይባል። ፎቶግራፎቹ በኢንተርኔት ማኅደር ከተቀመጡ በኋላ ሊንኩ በሌላ ሰው ስልክ ተከፍቶ ይፈተን፤ ለባለቤቱ ብቻ የሚከፈት ሊንክ ለገማቹ አይረዳውምና። የመዝገቡም ቅጂ በሌላ ሰፈር ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከዕቃው ጋር አብሮ የሚቃጠል መዝገብ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ውሉ በየዓመቱ በሚታደስበት ቀን፣ የተሸጠው ይሰረዝ፣ አዲሱ ይጨመር፣ ግምቱም ከገበያው ጋር ይስተካከል።