የእንግዶች ዋይፋይ ከሰርቨር ክፍል እንዳይደርስ

ቪላን አንድን ስዊች ከውስጥ ከፋፍሎ እንደ ብዙ ስዊቾች የሚያሠራ ዘዴ ነው። አንድ ሆቴል የእንግዶቹን ዋይፋይ በቪላን 50፣ የሒሳብና የክፍል ምዝገባ ሰርቨሮቹን በቪላን 10 ቢያስቀምጥ ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላል። ሌየር 3 ስዊች ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ስዊች ራውተርም ጭምር ነው። ለእያንዳንዱ ቪላን የጌትዌይ አድራሻ ተሰጥቶት `ip routing` ከበራ፣ ከአንዱ ቪላን የመጣውን ፓኬት ወደ ሌላው ማሻገር የዘወትር ሥራው ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ የሰርቨሩን አድራሻ በስልኩ ላይ ቢጽፍ የመግቢያ ገጹ ሊከፈትለት ይችላል።

ይህን የሚከለክለው አክሰስ ኮንትሮል ሊስት የሚባለው የደንቦች ዝርዝር ነው። በሆቴሉ የእንግዶች አድራሻ 192.168.50.0፣ የውስጡ ኔትወርክ ደግሞ በሙሉ በ10 የሚጀምር ቢሆን፣ በሲስኮ ስዊች ላይ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

```
ip access-list extended GUEST-IN
 permit udp any eq 68 any eq 67
 deny ip any 10.0.0.0 0.255.255.255
 deny ip any host 192.168.50.1
 permit ip 192.168.50.0 0.0.0.255 any
interface Vlan50
 ip access-group GUEST-IN in
```

ስዊቹ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ፓኬቱ የሚገጥመውን የመጀመሪያ ደንብ ሲያገኝ ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከይዘቱ እኩል ዋጋ አለው። ሁሉን የሚፈቅደው መስመር ከክልከላዎቹ በላይ ቢጻፍ ክልከላዎቹ ተጽፈው ይቀራሉ እንጂ አይሠሩም። ከሁሉም ግርጌ ደግሞ ያልተጻፈ ደንብ አለ፦ ከላይ ያልተፈቀደ ሁሉ ይከለከላል።

የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ለዲኤችሲፒ ነው። ገና የተገናኘ ስልክ አድራሻ ስለሌለው 0.0.0.0 ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ይህ ደግሞ በመጨረሻው ፈቃድ ውስጥ አይካተትም። መስመሩ ከተረሳ ስልኩ አድራሻ ሳያገኝ ይቀራል። ሁለተኛው መስመር ሰርቨሮቹን ይዘጋል። ከአድራሻው ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች የሚነበቡት ከተለመደው በተቃራኒ ነው፦ 0 ያለበት ቦታ በትክክል መግጠም አለበት፣ 255 ያለበት ቦታ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን ግድ የለም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። 192.168.50.1 የእንግዶቹ ጌትዌይ፣ ማለትም ስዊቹ ራሱ ነው፤ ካልተዘጋ እንግዳው የስዊቹን መግቢያ መሞከር ይችላል። መዘጋቱ ኢንተርኔቱን አያቋርጥም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ፓኬት በጌትዌዩ በኩል ያልፋል እንጂ መድረሻው ጌትዌዩ አይደለምና። ጌትዌዩን ፒንግ አድርጎ መልስ ያጣ ባለሙያ ግን መስመሩ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

በመጨረሻው መስመር ላይ ያለችው `in` የምትለው ቃል የምትለካው ከስዊቹ አንጻር ነው፦ ከእንግዶቹ ተነሥቶ ወደ ስዊቹ የሚገባ ማለት ነው። በስህተት `out` ከተባለ ዝርዝሩ የሚፈትሸው ወደ እንግዶቹ የሚሄደውን ይሆናል። ከኢንተርኔት የሚመጣው መልስ ከአንዱም ፈቃድ ጋር ስለማይገጥም ይጣላል፣ ኢንተርኔቱ ይቆማል፤ የእንግዳው ፓኬት ግን አሁንም ሰርቨሩ ድረስ ይሄዳል።

ዝርዝሩ በትክክል ተጽፎም «ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይከፍትም» የሚል ቅሬታ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ዲኤንኤስ ነው። ዲኤችሲፒው ለእንግዶች የሰጠው የስም መፍቻ ሰርቨር 10.20.10.5 ከሆነ፣ ሁለተኛው መስመር እሱንም ዘግቶታል። ለመለየት 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ ይበቃል፤ እሱ መልስ እየሰጠ የድረ ገጽ ስም ካልተፈታ ጉዳዩ ይኸው ነው። ንጹሑ መፍትሔ ለእንግዶች የውጭ ዲኤንኤስ መስጠት ነው። የግድ የውስጡ ይሁን ከተባለ ወደዚያ አንድ አድራሻ በፖርት 53 ብቻ የሚፈቅድ መስመር ከክልከላው በላይ ይገባል። ዝም ብሎ የተጨመረ መስመር ግን ከመጨረሻው ፈቃድ በታች ይቀመጣል። ስዊቹ ደንቦቹን 10፣ 20፣ 30 እያለ ስለሚቆጥራቸው በ15 ቁጥር ማስገባት ይቻላል፦

```
15 permit udp any host 10.20.10.5 eq 53
```

ሥራው መሠራቱን `show ip access-lists GUEST-IN` ከእያንዳንዱ መስመር ጎን በሚያወጣው ቆጠራ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ፓኬቱን በሃርድዌር የሚያጣሩ አንዳንድ ስዊቾች ደንቡ እየሠራም ቆጠራውን አያሳድጉም። ስለዚህ ይበልጥ የሚታመነው ከእንግዶቹ ዋይፋይ ተገናኝቶ የሰርቨሩን አድራሻ መሞከር ነው።

ይህ ዝርዝር የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። በቪላን 50 ውስጥ ያሉ ሁለት ስልኮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ በጌትዌዩ ስለማያልፉ ደንቡ አያያቸውም፤ እነሱን መነጠል የዋይፋዩ መሣሪያ ሥራ ነው። አይፒ ቨርዥን 6 በሁለቱም ቪላኖች ላይ በርቶ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ዝርዝር አንዱንም የቨርዥን 6 ፓኬት አያግድም፤ ለእሱ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርዝር መጻፍ አለበት።