400 ሺህ ብሩ እንዴት 415 ሺህ ሆነ?

ለሱቆች የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር በወርሃዊ ክፍያ የሚያቀርብ ድርጅት አለ እንበል። ሦስት ፓኬጆች አሉት፤ በወር 1,000፣ 2,500 እና 6,000 ብር። መስከረም ሲያልቅ የደንበኞቹ ወርሃዊ ክፍያ ተደምሮ 400,000 ብር ነበር። ጥቅምት ሲያልቅ 415,000 ደረሰ። በመሀል የሆነውን በየመስመሩ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ የፋይናንስ ሰዎች የገቢ ድልድይ ይሉታል።

በጥቅምት 20 አዲስ ሱቆች በትንሹ ፓኬጅ ገቡ፤ 20,000 ብር ተጨመረ። ዘጠኝ ሱቆች ደግሞ ከዚያው ፓኬጅ ጨርሰው ወጡ፤ 9,000 ብር ጎደለ። የተቀረው ነባሮቹ ፓኬጅ በመቀየራቸው የመጣ ነው። 12ቱ ከ1,000 ወደ 2,500 ከፍ አሉ፤ በጭማሪ መስመር የሚገባው ልዩነቱ ብቻ ነውና 18,000 ብር ሆነ። አራቱ ከ6,000 ወደ 2,500 ወረዱ፤ በቅነሳ መስመር 14,000 ብር ተጻፈ። ደምረን ስንቀንስ 415,000 ይመጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የክፍያ ሥርዓት ደንበኛው ፓኬጅ ሲቀይር የድሮውን ውል ዘግቶ አዲስ ይከፍትለታል። ሠንጠረዡ በውሎች ላይ ተመሥርቶ ከተሠራ እነዚያ 16 ሱቆች አንዴ እንደ ወጡ፣ አንዴ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጠራሉ። ያኔ አዲስ ገቢ 60,000፣ የወጣው 45,000 ይሆናል፤ ጭማሪና ቅነሳ ዜሮ። መዝጊያው አሁንም 415,000 ስለሆነ ስህተቱን ማንም አይጠረጥርም። ሥራ አስኪያጁ ግን ደንበኛ እየሸሸ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ በእርግጥ የወጣው 9,000 ብር ብቻ ነበር። መላው ቀላል ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ በወጡትም በገቡትም መዝገብ ስሙ ያለ ሱቅ ካለ፣ እሱ ፓኬጅ የቀየረ ነው። ድልድዩ በውል ቁጥር ሳይሆን በደንበኛ ስም፣ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ በማነጻጸር ይሠራ።

ከደረሰኝ መነሳትም ያሳስታል። አንድ ሱቅ ወሩ ሲጋመስ ከ1,000 ወደ 2,500 ከፍ ቢል ለቀሪው 15 ቀን የሚጠየቀው ተጨማሪ 750 ብር ነው። ድልድዩ ላይ ግን የሚጻፈው ሙሉው 1,500 ነው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚከፍለው ያንን ነውና።

ከሁሉም የሚያከራክረው የዓመት ክፍያ ነው። በወር 2,500 ይከፍል የነበረ ሱቅ ቅናሽ አግኝቶ የዓመቱን 24,000 ብር በአንዴ ከፈለ እንበል። ገንዘብ ያዡ ደስ ይለዋል፤ ለ12 ሲካፈል ግን ወርሃዊው 2,000 ስለሆነ ድልድዩ የ500 ብር ቅነሳ ያሳያል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ቢሆንም ይህን ሱቅ፣ ሶፍትዌሩን ብዙም ስላልተጠቀመበት ወደ ትንሽ ፓኬጅ ከወረደው ሱቅ ጋር በአንድ መስመር ማጎር አግባብ አይመስለኝም። ቅነሳው ለሁለት ተከፍሎ፣ በዋጋ ቅናሽ የመጣው ለብቻ፣ በፓኬጅ መውረድ የመጣው ለብቻ ቢጻፍ ይሻላል።