ከአርባ ቀን በፊት ያለ ቀጠሮ

ጠጋ በሉ። ይህ ነገር ከማሞቂያ ክፍሉ በር ውጭ ብዙ አይወራም።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ትንፋሹ ሲስተካከል፣ ጡት መሳብ ሲጀምር፣ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ቁጥሩ ከፍ ሲል እናቱን «እንኳን ደስ አለሽ፣ ነገ ትወጣላችሁ» እንላታለን። አያቶች ይመርቁናል። እኛ ነርሶችም ፈገግ እንላለን። ግን አንድ ነገር በልባችን ይዘን ነው ፈገግ የምንለው፤ ዓይኑን የሚያሰጋው ጊዜ ገና አልጀመረም።

አዎ፣ ገና ነው። በሽታው «አር ኦ ፒ» ይባላል፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች የሬቲና በሽታ ነው። ሬቲና ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ግድግዳ ነው። የደም ሥሮቹ በእርግዝናው 16ኛ ሳምንት ገደማ ከመሐል ይነሡና ልክ እንደ መስኖ ውኃ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይሄዳሉ። ዳሩን የሚያዳርሱት ወደ 40ኛው ሳምንት ሲጠጉ ነው። ልጁ በ30 ሳምንቱ ከመጣ ዳሩ ሳይደርሰው እድገቱ ይቆማል። ቆይቶ ሬቲናው እየበሰለ ኦክስጅን ሲጠማው «ደም ላኩልኝ» የሚል ኬሚካል ይረጫል። የሚመጡት አዳዲስ ሥሮች ግን ስስና ሥርዓት የለሽ ናቸው። ይደማሉ፣ ጠባሳ ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ሬቲናውን ጎትተው ሊነቅሉት ይችላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተወለደ ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልጁ የት ነው? እቤቱ፣ እናቱ ጉያ ውስጥ።

አሁን ደግሞ ድምፄን ትንሽ ልቀንስ። የኦክስጅኑን ጉዳይ ልንገራችሁ።

እግሩ ላይ የምናስረው ማሽን 85 ሲል ይጮኻል፤ ሁላችንም እንሮጣለን። 100 ሲል ግን ማን ይሮጣል? እንዲያውም ደስ ይለናል። ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው። ኦክስጅን የሚወስድ ትንሽ ልጅ ቁጥሩ ከ90 እስከ 95 ባለው ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል። ከዚያ ሲወርድ ሕይወቱ ያሰጋል፤ ኦክስጅን እየተሰጠው ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ በማደግ ላይ ያሉት የዓይን ሥሮች ይኮማተራሉ፣ እድገታቸው ይገታል። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው፤ ከኮንሰንትሬተር የሚወጣው 90 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለቱን መጥኖ የሚያደባልቅ ብሌንደር የሚባል መሣሪያ አለ። እሱ በሌለበት ክፍል ልጁ ንጹሕ ሊባል የሚችል ኦክስጅን ይስባል። የላይኛው የማስጠንቀቂያ ድምፅም ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ያለ ኦክስጅን፣ በራሱ ትንፋሽ 98 የሚል ልጅ ግን አያሳስባችሁም።

ለዚህ ነው የፈረንጅ መስፈርት እንዳለ የማይሠራልን። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ ዓይናቸው የሚመረመረው በዋናነት በ30 ሳምንትና ከዚያ በታች ወይም ከ1,500 ግራም ባልበለጠ ክብደት የተወለዱ ናቸው። ኦክስጅን በደንብ በማይመጠንበት አገር ከዚያ የሚከብዱትም ይታመማሉ። ሕንድ ስለዚህ መረቡን አስፍታ ከ34 ሳምንት ወይም ከ2,000 ግራም በታች ያሉትን ትመረምራለች።

ምርመራው መቼ ነው? በተወለደ በአራተኛው ሳምንት፤ ከ28 ሳምንት በፊት ለመጡት ወይም ከ1,200 ግራም በታች ለሆኑት በሕንዱ መርሐ ግብር ከዚያም ይቀድማል። እንግዲህ በእኛ አገር ቆጥሩት። አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ከቤት አትወጣም። ሕፃኑም ከፀሐይና ከሰው ዓይን ተሸፍኖ ይቀመጣል። ቀጠሮው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው።

አንድ ልጅ እናስብ። ወንድ ነው፤ መስከረም 10 በ30 ሳምንቱ በ1,300 ግራም ተወለደ። ጥቅምት 4 ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ፣ ወደ አያቱ ቤት ሄደ። የዓይን ቀጠሮው ጥቅምት 8 ነው። ሐኪሙ ሲያየው ሥሮቹ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ የቆሙበት ቦታ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ ተሠርቷል። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሕክምና አያሻውም፤ ግን ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ መመለስ አለበት። ጥቅምት 18 ሲመለስ ከመሐል ያሉት ሥሮች አብጠውና ተጠማዝዘው ተገኙ። ሐኪሞች «ፕላስ» የሚሉት ይህን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ 72 ሰዓት ብቻ ነው፤ እስከ ጥቅምት 21። መሐሉ ላይ ምን አለ? ክርስትናው! ድግሱ ተጠንስሷል፣ እንግዳ ተጠርቷል። የንስሐ አባትን ቀድሞ ማማከር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ድግስ ይተላለፋል፤ ሬቲና አይጠብቅም።

እናት «ዓይኑን ይገልጣል፣ መብራት ያያል» ትላለች። ልክ ናት፤ ከውጭ ምንም አይታይም። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የሚታየው ሬቲናው ከተነቀለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ከባድ፣ ተስፋውም ጠባብ ነው።

ምርመራው ሲካሄድ እናቶችን ለምን ውጭ እንደምናስቆይ ታውቃላችሁ? ማየቱ ያስጨንቃል። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል፣ ዓይኑ በትንሽ ሽቦ ተከፍቶ ይያዛል፣ ሐኪሙ ራሱ ላይ ባሰረው መብራት ዳር ዳሩን ያያል። ልጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስኳር ውኃ ይቀምሳል፣ ይጮኻል፣ ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የልብ ምቱና ትንፋሹ ሊቀንስ ስለሚችል እኛ ዓይናችንን ከማሽኑ አንነቅልም።

ሕክምናው ሁለት ነው። ሌዘር ሥር ያልደረሰውን ዳር በመቶዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ያቃጥለዋል፤ ጥሪውን የሚረጨው ክፍል ዝም ይላል። ዋጋው የዳር እይታ በመጠኑ መቀነሱና ብዙ ጊዜ በኋላ መነጽር ማስፈለጉ ነው። ሁለተኛው ቤቫሲዙማብን የመሰለ መድኃኒት በጥቂቱ ዓይን ውስጥ መውጋት ነው፤ መጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የተሠራ መድኃኒት ነው። መርፌው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ዳሩን አያቃጥልም፣ ሁሉም ይወደዋል።

ግን እዚህም የተደበቀ ነገር አለ። መድኃኒቱ ጥሪውን ለጊዜው ነው ዝም የሚያሰኘው። በሽታው ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ልጁ ለወራት ደጋግሞ መታየት አለበት። ሌዘር አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ቶሎ ይቋጨዋል። ስለዚህ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚመላለስ ቤተሰብ ቀላል የሚመስለው መርፌ ከባዱ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን «ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ እንመለሳለን?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትምረጡ። የበሽታው ቦታም ምርጫውን ይወስናል፤ መሐል አካባቢ ከሆነ ሐኪሞች ወደ መርፌው ያደላሉ።

እንግዲህ ሰምታችኋል። ልጃችሁ ከ34 ሳምንት በፊት ወይም ከ2 ኪሎ በታች ከተወለደ መውጫ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ሳይጻፍ ከበሩ አትውጡ፦ የተወለደበት ሳምንት፣ የተወለደበት ክብደት፣ ዓይኑ የሚታይበት ቀንና ቦታ። ቀኑ ካልተጻፈ ከተወለደበት ዕለት 28 ቀን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ በጣም ትንሽ ከሆነ ከዚያ ቀድማችሁ ጠይቁ።